የሂሳብ ትርፍን ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ጋር የማስታረቅ አሠራር፦ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ምሳሌ

በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ዓመታዊ የንግድ ሥራ ገቢ ግብራቸውን የሚያሳውቁ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። በሂሳብ ባለሙያ የተዘጋጀውና በኦዲተር የተመረመረው መግለጫ የድርጅቱ ትርፍ ይህን ያህል ነው እያለ፣ ግብሩ የሚሰላው ለምን በሌላ መጠን ላይ ነው? መዝገቡ ተቀባይነት አጥቶ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ?

መልሱ መዝገቡ ተቀባይነት አላጣም የሚል ነው። የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 20 እንደሚደነግገው ግብር የሚከፈልበት የንግድ ሥራ ገቢ የሚወሰነው በሂሳብ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት ከተዘጋጀው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ተነሥቶ ነው። ሆኖም መግለጫው በአዋጁ፣ አዋጁን ለማስፈጸም በወጣው ደንብና በመመሪያዎች ድንጋጌዎች ይስተካከላል። የሂሳብ መግለጫ ለባለቤቶች፣ ለባንክና ለሌሎች ተጠቃሚዎች የድርጅቱን አቋም በጥንቃቄ ለማሳየት የሚዘጋጅ ሰነድ በመሆኑ ገና ያልደረሰ ኪሳራን ሳይቀር ገምቶ ይይዛል። የግብር ሕጉ ግን በአብዛኛው የደረሰውንና በማስረጃ የተረጋገጠውን ብቻ ይቀበላል፤ የተወሰኑ ወጪዎችን ደግሞ በርግጥ የተከፈሉ ቢሆኑም አይቀንስም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ስሌት «ማስታረቂያ» ይባላል።

ማስታረቂያውን በትክክል አለመሥራት በሁለት በኩል ይጎዳል። መደመር ያለበት ሳይደመር ሲቀር ግብሩ ተሳንሶ እንደታወጀ ይቆጠርና በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ተሳንሶ በተገለጸው ግብር ላይ 10 በመቶ ቅጣት ያስከትላል፤ ድርጊቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈጸም ቅጣቱ ወደ 30 በመቶ ከፍ ይላል፣ ወለዱም ሳይቀር ይታሰባል። ይህኛውን ብዙዎች ያውቁታል። ብዙም የማይነገርለት ሁለተኛው ጉዳት ነው፤ ባለፈው ዓመት የተደመረ ወጪ ዘንድሮ መቀነስ ሲኖርበት ተረስቶ ሲቀር ድርጅቱ በአንድ ብር ላይ ሁለት ጊዜ ግብር ይከፍላል። በዚህ ጊዜ ስህተቱን ደብዳቤ ጽፎ የሚያስታውስ አካል ላይኖር ይችላል።

የምሳሌው ድርጅት

አሠራሩን በቁጥር ለማሳየት አንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በምናብ እንውሰድ። ማኅበሩ በደቡብ ወሎ፣ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ጉንደወይን በሚዘልቀው መንገድ ላይ በምትገኘው መካነ ሰላም ከተማ የዱቄት ፋብሪካ አለው። ከአካባቢው ደጋ ስንዴ ይገዛል፤ ዱቄቱን ለዳቦ ቤቶችና ለተቋማት ይሸጣል። ባለአክሲዮኖቹ የአንድ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ያለው ሲሆን፣ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ከግብር በፊት 1,240,000 ብር ትርፍ ያሳያል።

መነሻው ሁልጊዜ ይህ ከግብር በፊት ያለው ትርፍ ነው። አንዳንድ ሂሳብ ሠራተኞች ግብር ከተቀነሰ በኋላ ከቀረው የተጣራ ትርፍ ይነሣሉ። የገቢ ግብር ራሱ በአዋጁ የማይቀነስ ወጪ ስለሆነ፣ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው ግብሩን መልሶ መደመር አለበት፤ ይህን ሲረሳ ስሌቱ ገና ከመጀመሪያው መስመር ይዛባል።

መጀመሪያ፦ ፈጽሞ የማይቀነሱ ወጪዎች

የአዋጁ አንቀጽ 27 በግብር ስሌት የማይቀነሱ ወጪዎችን ይዘረዝራል። የእነዚህ ወጪዎች ጠባይ አንድ ዓይነት ነው፦ ዘንድሮ ካልተቀነሱ በሚቀጥለውም ሆነ ከዚያ በኋላ በሚመጣው ዓመት አይቀነሱም። በዚህ የተነሣ በሙያው «ቋሚ ልዩነት» ይባላሉ። የመካነ ሰላሙን ድርጅት የወጪ መዝገብ አንድ በአንድ ስናይ አራት እናገኛለን።

የመጀመሪያው ከሠራተኞች ደመወዝ ላይ የተቀነሰን ግብር አዘግይቶ በማስገባቱ የተጣለበት 18,000 ብር ቅጣት ነው። ሕግን በመጣስ የሚጣል መቀጮ ተቀናሽ ቢሆን ኖሮ መንግሥት የቅጣቱን 30 በመቶ መልሶ እንደሸፈነ ይቆጠር ነበር፤ ስለዚህ ሙሉው ይደመራል። ቅጣቶች ብዙውን ጊዜ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ሂሳብ ውስጥ ተደብቀው ስለሚገኙ የዚያን ሂሳብ ደረሰኞች በሙሉ መመልከት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ለደንበኞች ግብዣ የወጣ 46,000 ብር ነው። ደንበኛን መጋበዝ በአካባቢው ባህል ነውር የሌለበት፣ እንዲያውም የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ሕጉም አይከለክለውም። የመዝናኛ ወጪ ግን መዝናኛ ማቅረብ የግብር ከፋዩ መደበኛ ሥራ ካልሆነ በቀር ከግብር ስሌት አይቀነስም። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ለፋብሪካው ሠራተኞች በነፃ የሚቀርበው ምሳ ነው። በማኑፋክቸሪንግ፣ በማዕድንና በእርሻ ሥራ ለተሰማሩ ሠራተኞች የሚቀርብ ምግብ በሕጉ የተለየ አስተያየት የተሰጠው ስለሆነ፣ ከደንበኛ ግብዣ ጋር በአንድ ሂሳብ ውስጥ ተቀላቅሎ ከተመዘገበ ተቀባይነት ያለው ወጪ ጭምር አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ሁለቱን በተለያየ የሂሳብ መደብ መያዝ ምንም ወጪ የለውም።

ሦስተኛው ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ ለሚኖርበት ቤት ኪራይ ከድርጅቱ የተከፈለ 60,000 ብር ነው። በቤተሰብ ድርጅቶች ዘንድ የድርጅቱ ካዝናና የቤት መሶብ ተለይተው አለመታየታቸው የተለመደ ነው። የግል ፍጆታ ወጪ ግን አይቀነስም። ባለአክሲዮኑ የድርጅቱ ተቀጣሪ ሆኖ የቤት ኪራዩ የደመወዙ አካል ቢሆን፣ የሥራ ግብሩም ከዚያ ላይ ተሰልቶ ገቢ ቢደረግ ኖሮ ጉዳዩ በሌላ ዓይን ይታይ ነበር። ይህ ባልተደረገበት ሁኔታ ገንዘቡ ተደማሪ ነው፤ የትርፍ ድርሻ ተደርጎ ይቆጠራል የሚል ጥያቄም ሊያስነሣ ይችላል።

አራተኛው ስጦታ ነው፤ ጥቂት ማብራሪያም ይፈልጋል። ድርጅቱ በዓመቱ ሁለት ስጦታዎችን ሰጥቷል። 50,000 ብር የሰጠው በሕግ ተመዝግቦ ለሚሠራ አገር በቀል የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን ደረሰኝ አለው። 30,000 ብር ደግሞ ለአንድ የአካባቢ ኮሚቴ በእጅ ተሰጥቷል፤ ኮሚቴው በሕግ የተሰጠው ሰውነት የለውም፣ ማስረጃውም በማስታወሻ ደብተር ላይ የተፈረመ ወረቀት ብቻ ነው። አዋጁ እንዲቀነስ የሚፈቅደው በሕግ ለታወቁ የኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የተሰጠን፣ ወይም መንግሥት ለአስቸኳይ ችግር ላደረገው ጥሪ ምላሽ የሆነን ስጦታ ነው፤ መጠኑም ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ 30,000 ብሩ ይደመራል። 50,000 ብሩ በመግለጫው እንደተቀነሰ ይቆያል፤ ጣሪያውን አለማለፉን ግን ስሌቱ ሲያልቅ ተመልሰን እናረጋግጣለን።

የአራቱ ድምር 154,000 ብር ነው።

ቀጥሎ፦ ግብሩ አስቀድሞ ያለቀለት ገቢ

ድርጅቱ በባንክ ካስቀመጠው ቁጠባ 40,000 ብር ወለድ አግኝቷል። ባንኩ ከዚህ ላይ 5 በመቶ፣ ማለትም 2,000 ብር ቀንሶ ለመንግሥት ገቢ አድርጓል። ይህ ግብር የመጨረሻ ግብር ስለሆነ ወለዱ እንደገና በ30 በመቶ ምጣኔ ሊታይ አይገባም። በመሆኑም 40,000 ብሩ ከትርፉ ይቀነሳል። ይህም ቋሚ ልዩነት ነው፤ የሚለየው ለግብር ከፋዩ የሚጠቅም በመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይታያሉ። አንደኛው ባንኩ የቀነሰውን 2,000 ብር ከዓመታዊው የንግድ ሥራ ገቢ ግብር ላይ ማቀናነስ ነው፤ የመጨረሻ ግብር ለሌላ ግብር ማቀናነሻ አይሆንም። ሌላው የመዝገቡን አያያዝ አለመመልከት ነው። ወለዱ በመዝገቡ የተመዘገበው በእጅ በገባው 38,000 ብር ከሆነ ከትርፉ የሚቀነሰውም 38,000 ብር ብቻ ነው፤ ያልተመዘገበን ገቢ መቀነስ አይቻልምና። በእኛ ምሳሌ ሙሉው 40,000 ብር በገቢነት፣ የተቀነሰው 2,000 ብርም በግብርነት ተመዝግቧል።

የጊዜ ልዩነት፦ የእርጅና ቅናሽ

ከዚህ በኋላ የምንደርስበት ክፍል ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ክትትል የሚጠይቅ ነው። የጊዜ ልዩነት የሚባለው በሂሳብ መዝገቡም በግብር ሕጉም ተቀባይነት ያለው፣ ነገር ግን ሁለቱ በተለያየ ዓመት የሚቀበሉት ወጪ ነው። ጠቅላላ መጠኑ በመጨረሻ እኩል ይሆናል፤ የሚለያየው ዓመቱ ብቻ ነው።

ድርጅቱ በግብር ዓመቱ መጀመሪያ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. በ2,400,000 ብር የተገዛ የወፍጮ መሣሪያ ሥራ ላይ አውሏል። ሂሳብ ባለሙያው መሣሪያው 10 ዓመት ያገለግላል፣ በመጨረሻም ቀሪ ዋጋ አይኖረውም ብሎ በመገመት በቀጥተኛ ዘዴ በየዓመቱ 240,000 ብር የእርጅና ወጪ ይይዛል። ግምቱ በሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት ትክክል ነው። የግብር ሕጉ ግን እያንዳንዱ ድርጅት የንብረቱን ዕድሜ እንዲገምት አይተወውም። በሚኒስትሮች ምክር ቤት የፌዴራል ገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት እንዲህ ያለ መሣሪያ «ሌላ ማናቸውም ዋጋው የሚቀንስ ሀብት» በሚለው ምድብ ውስጥ ስለሚወድቅ በቀጥተኛ ዘዴ ምጣኔው 15 በመቶ ነው፤ ይህም በዓመት 360,000 ብር ይሆናል።

በተመሳሳይ ቀን ለቢሮና ለሽያጭ ክፍል በ120,000 ብር ኮምፒዩተሮች ተገዝተዋል። መዝገቡ ሦስት ዓመት ያገለግላሉ ብሎ በዓመት 40,000 ብር ይይዛል። ደንቡ ለኮምፒዩተር፣ ለሶፍትዌርና ለመረጃ ማከማቻ መሣሪያ በቀጥተኛ ዘዴ የሚፈቅደው 20 በመቶ፣ ማለትም 24,000 ብር ነው። ስለዚህ በወፍጮው ላይ ሕጉ ከመዝገቡ ይፈጥናል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ይዘገያል።

በማስታረቂያው ላይ አሠራሩ ቀላል ነው። በመዝገቡ የተያዘው እርጅና በሙሉ፣ 280,000 ብር ይደመራል፤ ከዚያም በደንቡ ምጣኔ የተሰላው 384,000 ብር ይቀነሳል። ልዩነቱን 104,000 ብር በአንድ መስመር ብቻ ማስቀመጥ ውጤቱን አይለውጥም፤ ሁለቱን መስመሮች ለይቶ ማሳየት ግን መርማሪው የእርጅና ሠንጠረዡን ከመዝገቡ ጋር በቀላሉ እንዲያገናኝ ይረዳዋል።

ይሁንና ሥራው በዚህ አያልቅም። የወፍጮው ዋጋ በደንቡ ስሌት ከ2016 እስከ 2021 ባሉት ስድስት ዓመታት በየዓመቱ 360,000 ብር ሲቀነስለት 2,160,000 ብር ይደርሳል። በሰባተኛው ዓመት፣ በ2022፣ የቀረው 240,000 ብር ብቻ ነው፤ ያን ዓመት መዝገቡና ሕጉ በአጋጣሚ እኩል ይሆናሉ። ከ2023 እስከ 2025 ባሉት ሦስት ዓመታት ደግሞ መዝገቡ 240,000 ብር መያዙን ሲቀጥል በግብር በኩል የሚቀነስ ምንም ነገር አይኖርም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በየዓመቱ 120,000 ብር፣ በጠቅላላው 720,000 ብር ትርፉን የቀነሰው ልዩነት በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 240,000 ብር ሆኖ ይመለሳል፤ ድምሩም ያው 720,000 ብር ነው። ኮምፒዩተሮቹም እንዲሁ ናቸው፦ ሦስት ዓመት በየዓመቱ 16,000 ብር ይደመርባቸዋል፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ 24,000 ብር ይቀነስላቸዋል።

በተግባር የሚያጋጥመው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። ማስታረቂያውን በ2016 የሠራው ሂሳብ ሠራተኛ በ2023 በድርጅቱ ላይኖር ይችላል። ተተኪው ያለፈውን ዓመት ቅጽ ገልብጦ 15 በመቶውን እንደገና ቢቀንስ፣ ከንብረቱ ዋጋ በላይ እርጅና ይወስዳል። ይህን ማወቂያው አንድ ነው፦ ከመዝገቡ የንብረት ሠንጠረዥ ጎን ለጎን የንብረቱን የመግዣ ዋጋ፣ በደንቡ ምጣኔ እስካሁን የተቀነሰለትንና በግብር በኩል የቀረውን ዋጋ የሚያሳይ ሌላ ሠንጠረዥ መያዝ። በዚያ ሠንጠረዥ ቀሪው ዋጋ ዜሮ የሆነ ንብረት በዚያው ያበቃል። ንብረቱ ሲሸጥም በግብር በኩል የሚታየው ትርፍ ወይም ኪሳራ የሚለካው ከዚህ ሠንጠረዥ ቀሪ ዋጋ ጋር ስለሆነ፣ ሠንጠረዡ የሌለው ድርጅት በሽያጩ ቀን መልስ ያጣል።

የጊዜ ልዩነት፦ ለማይሰበሰብ ዕዳ የተያዘ መጠባበቂያ

ፋብሪካው ለዳቦ ቤቶች በዱቤ ይሸጣል። ከእነዚህ ደንበኞች አንዳንዶቹ እንደማይከፍሉ በመገመት ሂሳብ ባለሙያው በ2016 የግብር ዓመት 90,000 ብር በወጪ ይዞ መጠባበቂያ አድርጓል። ለጥንቃቄ የተደረገ በመሆኑ በመዝገብ ረገድ ተገቢ ነው። የአዋጁ አንቀጽ 27 ግን ገና ላልደረሰ፣ ወደፊት ይደርሳል ተብሎ ለሚገመት ወጪ ወይም ኪሳራ የተያዘን መጠባበቂያ አይቀንስም። ስለዚህ 90,000 ብሩ ይደመራል።

ባለፈው የግብር ዓመትም ድርጅቱ 60,000 ብር መጠባበቂያ ይዞ ነበር፤ ያ ገንዘብ በ2015 ማስታረቂያ ተደምሮ ግብር ተከፍሎበታል። ዘንድሮ ከዚያ ውስጥ 35,000 ብር የነበረበት አንድ ዳቦ ቤት ሥራውን አቁሟል። ድርጅቱ ፍርድ ቤት ከሶ ፈርዶለታል፤ በአፈጻጸም ጊዜ ግን የሚያዝ ንብረት ሳይገኝ ቀርቷል። ዕዳውም ከመዝገብ ተሰርዟል። የማይሰበሰብ ዕዳ በግብር ስሌት ተቀናሽ የሚሆነው ዕዳው አስቀድሞ በገቢነት ተመዝግቦ ግብር የተሰላበት ሲሆን፣ በዚያው የግብር ዓመት ከመዝገብ ሲሰረዝና ግብር ከፋዩ ለማስከፈል ሕጋዊ እርምጃ ወስዶ ያልተሳካለት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ሦስቱም ስለተሟሉ 35,000 ብሩ በዚህ ዓመት ይቀነሳል።

ይህ ቅናሽ ለመረሳት እጅግ የቀረበ ነው። ምክንያቱም ዕዳው ሲሰረዝ በመዝገቡ ላይ የሚነካው አስቀድሞ የተያዘው መጠባበቂያ እንጂ የዘንድሮው የትርፍና ኪሳራ መግለጫ አይደለም። መግለጫውን ብቻ የሚያነብ ሰው 35,000 ብሩን በየትኛውም መስመር አያገኘውም። ድርጅቱ በ2015 ግብር የከፈለበትን ገንዘብ ዘንድሮ ካልቀነሰ 10,500 ብር ያለአግባብ ይከፍላል። ለማረጋገጥ የመጠባበቂያውን ሂሳብ መክፈቻና መዝጊያ ማነጻጸር ይበቃል። ዓመቱን በ60,000 ብር ጀመረ፤ 35,000 ብር ወጣ፤ 90,000 ብር ገባ፤ በ115,000 ብር ተዘጋ። ጭማሪው 55,000 ብር ነው። በማስታረቂያው የተደመረው 90,000 እና የተቀነሰው 35,000 ልዩነትም 55,000 ብር ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ አንድ ነገር ተረስቷል፣ ወይም ዕዳው በቀጥታ በወጪ ተመዝግቦ እያለ በማስታረቂያው ዳግመኛ ተቀንሷል ማለት ነው።

ስሌቱ በአንድነት

| ዝርዝር | ብር |
|---|---|
| ከግብር በፊት ያለ የሂሳብ ትርፍ | 1,240,000 |
| ሲደመር፦ ቅጣት | 18,000 |
| ሲደመር፦ የግብዣ ወጪ | 46,000 |
| ሲደመር፦ የግል ፍጆታ | 60,000 |
| ሲደመር፦ ተቀባይነት የሌለው ስጦታ | 30,000 |
| ሲቀነስ፦ የመጨረሻ ግብር የተከፈለበት ወለድ | (40,000) |
| ሲደመር፦ በመዝገብ የተያዘ እርጅና | 280,000 |
| ሲቀነስ፦ በደንቡ የተሰላ የእርጅና ቅናሽ | (384,000) |
| ሲደመር፦ ለማይሰበሰብ ዕዳ የተያዘ መጠባበቂያ | 90,000 |
| ሲቀነስ፦ በርግጥ የተሰረዘ ዕዳ | (35,000) |
| ግብር የሚከፈልበት ገቢ | 1,305,000 |

ለድርጅት የተወሰነው ምጣኔ 30 በመቶ ስለሆነ ግብሩ 391,500 ብር ነው። አሁን ወደ ስጦታው እንመለስ፦ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶው 130,500 ብር ስለሆነ የ50,000 ብሩ ስጦታ ከጣሪያው በእጅጉ ያንሳል፤ እንደተቀነሰ ይጸናል።

የሚከፈለው ገንዘብ ግን 391,500 ብር አይደለም። ድርጅቱ በዓመቱ ለተቋማት ከሸጠው 1,500,000 ብር ዱቄት ላይ ገዢዎቹ 2 በመቶ፣ ማለትም 30,000 ብር ግብር ቀንሰው ለመንግሥት ገቢ አድርገዋል። ይህ ከባንክ ወለዱ ግብር በተለየ በቅድሚያ የተከፈለ ግብር ነው፤ የግብር መያዣ ደረሰኞቹ እስከቀረቡ ድረስ ከዓመታዊው ግብር ላይ ይቀናነሳል። ስለዚህ ድርጅቱ በማስታወቂያው ጊዜ የሚከፍለው 361,500 ብር ነው። ደረሰኝ ያልተሰበሰበለት ተቀናሽ እንዳልተከፈለ ስለሚቆጠር፣ ደረሰኙን ከገዢው መጠየቅ ያለበት ሽያጩ በተፈጸመ ጊዜ እንጂ በጥቅምት ወር መጨረሻ አይደለም።

ድርጅቱ ማስታረቂያ ሳይሠራ የሂሳብ ትርፉን ብቻ በ30 በመቶ ቢያባዛ ኖሮ ግብሩን 372,000 ብር ብሎ ያሳውቅ ነበር። ልዩነቱ 19,500 ብር ነው።

ውጤቱን መፈተሽ

በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎችን የሚከተሉ ድርጅቶች በመግለጫቸው ላይ የዘንድሮውን ግብር ብቻ ሳይሆን በጊዜ ልዩነት ምክንያት ወደ ሌላ ዓመት የተላለፈውንም ግብር ያሳያሉ። ይህ ለሪፖርቱ የሚያስፈልግ ቢሆንም ለማስታረቂያው ጥሩ መፈተሻ ይሆናል፤ ከሁለት አቅጣጫ ተነሥቶ አንድ ቦታ መድረስን ይጠይቃልና።

ከአንዱ አቅጣጫ፣ የዘንድሮው ግብር 391,500 ብር ነው። የጊዜ ልዩነቶቹ ድምር፣ ማለትም በእርጅና የተቀነሰው 104,000 ብር በመጠባበቂያ ከተደመረው 55,000 ብር ጋር ሲቀናነስ 49,000 ብር ይቀራል። ይህ ገንዘብ ወደፊት ተመልሶ ግብር የሚከፈልበት በመሆኑ 30 በመቶው 14,700 ብር የተላለፈ ግብር ሆኖ ይያዛል። ሁለቱ ሲደመሩ 406,200 ብር ይሆናሉ። ከሌላው አቅጣጫ፣ የሂሳብ ትርፉ 30 በመቶ 372,000 ብር ነው። ቋሚ ልዩነቶቹ፣ ማለትም 154,000 ብር ሲደመር 40,000 ብር ሲቀነስ 114,000 ብር ናቸው፤ 30 በመቶው 34,200 ብር ነው። ድምሩ ያው 406,200 ብር ነው። ሁለቱ መንገዶች ባይገናኙ ኖሮ አንዱ ልዩነት ከቋሚው ወደ ጊዜው፣ ወይም ከጊዜው ወደ ቋሚው ተሳስቶ እንደገባ፣ አለዚያም ከሁለቱም እንደወጣ እናውቅ ነበር። ወጪው በቂ ማስረጃ ያለው መሆን አለመሆኑን ግን ይህ ፈተና አያሳይም፤ ያንን የሚያሳየው ደረሰኙ ነው።

ከማስታወቂያው ጋር የሚያያዙ ሰነዶች

ማስታረቂያው በዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ ላይ ከሂሳብ መግለጫው ጋር አብሮ ይቀርባል። ለእያንዳንዱ መስመር ደጋፊ ሰነድ መኖር አለበት፦ ለእርጅና በደንቡ ምጣኔ የተሠራው ሠንጠረዥ፣ ለተሰረዘው ዕዳ የፍርድ ቤቱ ውሳኔና የአፈጻጸም ውጤት፣ ለስጦታው የተቀባዩ ደረሰኝና የምዝገባ ማስረጃ፣ ለወለዱ የባንኩ መግለጫ። ሰነዶቹ በታክስ አስተዳደር አዋጁ መሠረት ቢያንስ ለአምስት ዓመት መቀመጥ አለባቸው። የእርጅና ሠንጠረዡ ግን ንብረቱ በድርጅቱ እጅ እስካለ ድረስ እንዲቆይ ይመከራል፤ በምሳሌያችን የወፍጮው ልዩነት ተመልሶ የሚያልቀው በአሥረኛው ዓመት ነውና።

በምሳሌው የተጠቀሱት ምጣኔዎችና ገደቦች በ2016 የግብር ዓመት በሥራ ላይ የነበሩ ናቸው። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ስለተሻሻለ፣ ከዚያ ወዲህ ላሉ የግብር ዓመታት ማስታረቂያ የሚሠሩ ግብር ከፋዮች የግብር ከፋይነት ደረጃቸውን፣ ተቀንሶ የሚያዘውን ግብር ምጣኔና የወጪ አቀባበል ሁኔታዎችን ከማሻሻያው ጋር እንዲያመሳክሩ፣ ግልጽ ያልሆነላቸውንም መዝገባቸው በሚገኝበት የገቢዎች ጽሕፈት ቤት የታክስ ትምህርት ክፍል በኩል እንዲጠይቁ ይጠበቃል።